ተረትና እውነታ፦ ልጆቿን አሳድጋ ወደ ሥራ የምትመለስ ቴለር ሲቪዋ አናት ላይ ምን ትጻፍ?

ሰንጋ ተራ አካባቢ የንብ፣ የዘመንና የኅብረት ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ቆመዋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃም ከዚያው ነው። ለመሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች የሒሳብና የጽሕፈት ባለሙያ ሲያፈራ የኖረው ኮሜርስም ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቅ የሰፈሩ ነባር ነው። ስለዚህ ኮሜርስ ተምራ፣ ከነዚህ ባንኮች በአንዱ ቴለር ሆና የሠራች፣ ልጅ ወልዳ ከሥራ የወጣችና አሁን ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲገቡላት መመለስ የምትፈልግ ሴት ለሰፈሩ እንግዳ አይደለችም። የምትቸገረው ሲቪዋን ስታዘጋጅ ነው፤ በተለይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ በሚሰፍረው፣ ማጠቃለያ ወይም ፕሮፋይል በሚባለው ሦስት አራት መስመር ላይ። ስለዚህ አጭር ጽሑፍ የሚሰጣት ምክር ደግሞ ሞልቷል፤ ግማሹ ከግማሹ ጋር ይጣላል። አንዱ ያልሠራሽበትን ዘመን ደብቂው ይላታል። ሌላው እናትነትሽን በኩራት ጻፊው ይላታል። ሦስተኛው ቴለርነት ጊዜው ያለፈበት ሥራ ስለሆነ እሱን አታንሺው ብሎ ተስፋ ያስቆርጣታል። አራተኛው ማንም አያነበውም፣ ሰው ፈልጊ ይላታል። አራቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ነገር ግን አራቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ይህች ሴት የወጣችው ገንዘብ ከምትይዝበት ሥራ ነው። ገንዘብ ይይዝ የነበረ ሰው ለምን እንደወጣ ካልተናገረ፣ ዝምታው ልጅ ከማሳደጉ በላይ ይጎዳዋል። ማጠቃለያው መጻፍ ያለበትም ይህን እያሰቡ ነው።

ከሁሉም በላይ ከተስፋፋው እምነት እንጀምር፤ ክፍተቱን መደበቅ ያዋጣል ከሚለው። እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ካትሪን ዋይሻር የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት ለአሜሪካ ቀጣሪዎች የተላኩ ምናባዊ ማመልከቻዎችን አነጻጽሯል። ሥራ ላይ ካሉ እናቶች ማመልከቻ 15 ከመቶ ያህሉ ለቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኘ። ከሥራ ተቀንሰው ሥራ ፈት የሆኑት እናቶች 10 ከመቶ ገደማ አገኙ። ልጅ ለማሳደግ ብለው ሥራ እንዳቆሙ የገለጹት ግን 5 ከመቶ ገደማ ብቻ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ልጅ የሚለው ቃል አይነሳ» ቢል አይፈረድበትም። ከዚህም ጋር፣ በእንግሊዝ አገር ከ9,000 በላይ ማመልከቻዎች ተልከው የተሠራ ሌላ ሙከራ አለ። በሲቪው ላይ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» ከማለት ይልቅ «የስድስት ዓመት ልምድ» ብሎ በዓመት ብዛት መጻፍ፣ ክፍተቱ ከሚታይበት ሲቪ ጋር ሲነጻጸር ጥሪውን 15 ከመቶ ያህል ጨምሯል። የመደበቅ ደጋፊዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም።

ማስረጃው ወደ ሰንጋ ተራ ሲመጣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንደኛ፣ እኛ አገር ባንክ የሚቀጥረው በሲቪ ብቻ አይደለም። ከማመልከቻው ጋር የሥራ ልምድ ማስረጃ ይያያዛል፤ ማስረጃው ላይ ደግሞ የተቀጠረችበትና የለቀቀችበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በማኅተም ሰፍሯል። ሲቪው ላይ የተሰወረው ዓመት ቀጣዩ ገጽ ላይ ይገኛል። ያኔ ክፍተቱ ብቻውን አይታይም፤ የመደበቅ ሙከራው አብሮት ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ከባድ ነው። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ስምንት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ የሰው ኃይል ባለሙያው የሚያስበው «ሥራ አጥቶ ይሆናል» ብሎ ነው። አንዲት ቴለር ስምንት ዓመት ጠፍታ ያለ ምክንያት ስትመለስ ግን የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጉድለት አግኝቷት ይሆን? በዲሲፕሊን ተሰናብታ ይሆን? ተያዥዋ ተጠይቆ ይሆን? ባንክ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ገንዘብ ያዥ በድንገት ሲጠፋ ኮሪደር ላይ ምን እንደሚወራ ያውቃል። ለዚህ ጥርጣሬ «ልጆቼን ለማሳደግ በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ብልሃት የተሻለ መልስ ነው።

የውጭው ጥናትም ቢሆን በአንድ ድምፅ አይናገርም። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆኒ ኸርሽና ጄኒፈር ሺናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሙከራ፣ ከሥራ ርቃ የቆየች ሴት ምክንያቷን ስትናገር ዝም ካለችው ይልቅ ተመራጭ ሆና ተገኝታለች። ታዲያ የዋይሻርን ውጤት ምን እናድርገው? ዋይሻር ራሷ የምትሰጠው ማብራሪያ መንገዱን ያሳያል፦ ቀጣሪዎቹ የሚፈሩት ልጁን ሳይሆን ሴትየዋ ለሥራው ያላት ቁርጠኝነት ላልቷል ብለው ነው። እንግዲህ ሦስቱን ጥናቶች አንድ ላይ ካነበብናቸው የሚወጣው ምክር መደበቅም ማወጅም አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። የልምዱ ዓመት ብዛት ይቅደም። የክፍተቱ ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይከተል። ዛሬ ለሥራ ዝግጁ መሆኗን የሚያሳየው ነገር የመጨረሻውን ቃል ይያዝ። ለምን እንደወጣች ደግሞ ረጅም ማብራሪያ አያሻም። ከሥራ የወጣችው ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. ከሆነ፣ ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው የድኅረ ወሊዱን ወደ 90 ቀን ያሳደገው። የሁለት ወር ሕፃን ጥሎ ማለዳ ባንክ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ሲቪውን የምታነበው ባለሙያ ታውቀዋለች፤ ምናልባትም ኖራበታለች።

ሁለተኛው እምነት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ስምንት ዓመት ቤት መምራት ሥራ ነውና እንደ ሥራ ይጻፍ ይላል፦ «የቤት አስተዳዳሪ»፣ «የበጀትና የሰው ኃይል አስተባባሪ»፣ «የግጭት አፈታት ባለሙያ»። ሐሳቡ ከደግ ልብ የመጣ ነው፤ ቤት መምራት ሥራ መሆኑንም አልክድም። ችግሩ ሲቪ ላይ ሲሰፍር ነው። ቀጣሪው ሥራ ብሎ የሚቆጥረው ሌላ ሰው አይቶ ሊመሰክርለት የሚችለውን ነው፤ የራስን ቤት በጀት ኦዲት ያደረገ የለም። ልጅ ያላት ባለሙያ ብታነበው ፈገግ ትላለች፤ ልጅ የሌለው ወጣት ቢያነበው ደግሞ ግራ ይገባዋል፤ ሁለቱም ግን አይጠሯትም። እናት የሚል ስም ይዞ የሚሠራ ባንክ እንኳ ለገንዘብ መስኮቱ ሰው ሲመርጥ የሚያየው የሒሳብ ትክክለኛነትን ነው። ይህ ማለት ግን ቤት የተቀመጠችባቸው ዓመታት ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ሴቶች በነዚህ ዓመታት የሚሠሩት፣ ሲቪ ላይ ግን ከቶ የማይጽፉት አንድ ነገር አለ፦ የዕድር ገንዘብ ያዥነት፣ የዕቁብ ጸሐፊነት፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥነት፣ የልጆች ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ ተቀባይነት። ይህ ደረሰኝ አለው፣ መዝገብ አለው፣ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይመረመራል፤ ዕድሩ ከተመዘገበ ደብዳቤና ማኅተምም ይሰጣል። የሌላ ሰው ገንዘብ በእጇ እየገባ እየወጣ፣ ተቆጥሮ ሳይጎድል መቆየቱን የሚመሰክሩ ሰዎች አሉ። ለቴለር ከዚህ የቀረበ ማስረጃ ከየት ይመጣል? «የቤት አስተዳዳሪ» የሚለውን ሰርዞ «ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ» የሚለውን መጻፍ ነው። ገንዘብ ያዥ ካልነበረች ደግሞ አትጻፈው፤ ዕድሩ አንድ ስልክ ነው የሚርቀው።

ሦስተኛው እምነት ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል፤ ማጠቃለያው የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያ ላይ ነውና። ቴለርነት ገንዘብ መቁጠር ብቻ ነው፣ አሁን መቁጠሪያ ማሽን አለ፣ ሰዉም በስልኩ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ የቆየ የቴለር ልምድ ዋጋ የለውም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በ2009 ዓ.ም. ከመስኮት የተነሳች ሴት የ200 ብር ኖት በእጇ ገብቶ አያውቅም፤ አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችና አዲሱ የ200 ብር ኖት ይፋ የሆኑት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር የጀመረው በዚያው ዓመት ግንቦት ነው። ሒሳብ ሲከፈት የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ አድርጎ ፋይል ማድረግ የነበረው አሠራር ዛሬ በፋይዳ ቁጥር ተተክቷል። የውጭ ምንዛሬ ዋጋም ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ተመን ያወጣል። ይህን ሁሉ እንዳላየ ሆኖ «ዘመናዊ የባንክ አሠራር ጠንቅቄ አውቃለሁ» ብሎ መጻፍ ለመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ መጋለጥ ነው።

ያልተለወጠው ግን የሙያው እምብርት ነው፤ ይኸውም ቀን መዝጋት። አንድ ቀን እንውሰድ። ቴለሯ ጠዋት ከዋና ገንዘብ ያዥ 300,000 ብር ፈርማ ተረከበች። ቀኑን ሙሉ 1,145,000 ብር ገቢ ተቀበለች፤ 1,290,000 ብር ወጪ ከፈለች። ማታ እጇ ላይ 155,000 ብር መገኘት አለበት። ስትቆጥር 154,100 ሆነ፤ 900 ብር ጎደለ። አዲስ ሠራተኛ እዚህ ላይ ይደናገጣል፣ ብሩን ደጋግሞ ይቆጥራል፣ በመጨረሻም ከኪሱ ይተካል። ልምድ ያላት ቴለር የመጀመሪያ ሥራዋ ቁጥሩን መመርመር ነው። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ነው። 1,200 ብር ያስገባ ደንበኛ 2,100 ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ እጇ ላይ የሌለ 900 ብር ይጠብቅባታል ማለት ነው። ካልሆነ ልዩነቱን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ 450 ብር። 450 ብር የከፈለችውን ወጪ በስህተት ገቢ ብላ መዝግባው ከሆነ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ 900 ይመጣል። ስለዚህ የዕለቱን ሰነዶች ከዳር እስከ ዳር አታገላብጥም፤ እንደ 2,100 ያሉ አሃዛቸው ተለዋውጦ 900 የሚያመጡ መጠኖችን ታያለች፣ ቀጥሎ የ450 ብር ሰነዶችን። ሁለቱም ጋ ካጣችው ነው ለደንበኛ በትርፍ ተከፍሎ ይሆናል ወደሚለው የምትሄደው። ይህን ዕውቀት መቁጠሪያ ማሽን አያውቀውም። ቴሌብርም አልሻረውም፤ የቴሌብር ወኪልም ቢሆን ማታ ሒሳቡን ይዘጋልና።

ማጠቃለያው ላይ ይህ ዕውቀት እንዴት ይግባ? ብዙዎቹ የሚጽፉት «ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ» ብለው ነው። ታማኝነትን ስለ ራስ መመስከር ዋጋ የለውም፤ ጉድለት የሚያስከትል ሰውም ራሱን ታማኝ ይላል። ከዚያ ይልቅ የሠራችውን ትጻፍ፦ የጥሬ ገንዘብ ገቢና ወጪ፣ ቼክ ሲመጣ ፊርማ ማመሳከር፣ ሲፒኦ ማዘጋጀት፣ ሐዋላ መክፈል፣ ሐሰተኛ ኖት መለየት፣ የዕለት ሒሳብ መዝጋትና ልዩነት ፈልጎ ማግኘት። ቁጥር ብትጨምርበት ይጠነክራል፤ ግን ቁጥሩ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ከስምንት ዓመት በኋላ ባንኩ የደንበኛ ብዛት ስለማይሰጣት የምትገምተው ራሷ ናት። ለአንድ ደንበኛ በአማካይ አራት ደቂቃ ከወሰደና መስኮቱ ሰባት ሰዓት ክፍት ከሆነ 105 ደንበኛ ይደርሳል፤ «በቀን መቶ ያህል» ብትል ማንም አይከራከራትም። «በቀን 400 ደንበኛ» ካለች ግን ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንድ ማለት ነው፤ ጠያቂዋ ራሷ መስኮት ላይ የሠራች ከሆነች ቃለ መጠይቁ እዚያው አለቀ። «አንድም ቀን ጉድለት አላጋጠመኝም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ያልጎደለበት ቴለር ስለሌለ ዓረፍተ ነገሩ የሚመሰክረው ስለ ትክክለኛነቷ ሳይሆን ስለ ማጋነኗ ነው። ደግሞም ትርፍ መገኘቱም እንደ ጉድለት ስህተት መሆኑን የምታውቅ ሴት እንዲህ አትጽፍም። በመጨረሻም መጻፍ የሌለበት ነገር አለ፦ ቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ ምን ያህል ያድር እንደነበር፣ የትልልቅ ደንበኞች ስም፣ የቁልፍ አያያዝ ሥርዓት። ይህ የባንክ ምስጢር ነው፤ የቀድሞ ባንኳን ምስጢር ሲቪ ላይ የምትዘረግፍ ሴት የአዲሱንም እንደማትጠብቅ ይገመታል።

አሁን አንድ ሲቪ እንሥራ። ሴትየዋ በ2003 ዓ.ም. ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ቴለር ሆና ተቀጥራ፣ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ በ2009 ለቀቀች እንበል። መጨረሻ ላይ አዳዲስ ቴለሮችን ታሠለጥን ነበር። ከ2014 ጀምሮ የሰፈሯ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ በ2017 ፒችትሪ ተማረች። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «ታታሪ፣ ታማኝና በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምችል ነኝ። በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ርቄ ብቆይም ዕድሉ ቢሰጠኝ ራሴን ለማሻሻል ፈቃደኛ ነኝ።» በዚህ ውስጥ ባንክ የሚል ቃል የለም። «የቤተሰብ ጉዳይ» የሚለው ከእስር እስከ ፍቺ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል፤ «ለተወሰነ ጊዜ» ስንት እንደሆነ አይታወቅም። «ብቆይም» የሚለው ይቅርታ ይጠይቃል፤ «ዕድሉ ቢሰጠኝ» ይለምናል። አንባቢው ከዚህ የሚያገኘው መረጃ የለም፤ የሚያገኘው ጥርጣሬ ነው። የታረመው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በግል ባንክ ቅርንጫፍ ለስድስት ዓመት በቴለርነት ሠርቻለሁ፤ በመጨረሻው ዓመት አዳዲስ ቴለሮችን አሠልጥኛለሁ። በቀን መቶ ያህል ደንበኞችን በገቢና ወጪ፣ በቼክ፣ በሲፒኦና በሐዋላ አገልግያለሁ፤ የዕለት ሒሳብ መዝጋትና ልዩነት ማግኘት ዋና ሥራዬ ነበር። ከ2009 እስከ 2017 ዓ.ም. ልጆቼን ለማሳደግ በራሴ ፈቃድ ከሥራ ወጥቻለሁ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ አለኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ በ2017 ፒችትሪ ሠልጥኛለሁ፤ ቅዳሜን ጨምሮ ሙሉ ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።»

የዚህ ማጠቃለያ ጉልበት ከውበቱ አይመጣም። አብዛኛው ሐረግ ከኋላው ወረቀት ወይም ምስክር አለው። ስድስት ዓመቱን የሥራ ልምድ ማስረጃው ያረጋግጠዋል። ከዕዳ ነፃ መሆኗን ክሊራንሱ ይመሰክራል። ክሊራንስ የሚለው አንድ ቃል ቀደም ብለን ያነሳነውን የጉድለት ጥርጣሬ ሳይነሳ ያስቀረዋል፤ ስንት ሲቪ ላይ ተጽፎ እንደማይገኝ ሲታይ ይገርማል። «ቅዳሜን ጨምሮ» የሚለው ደግሞ ልጅሽን ለማን ትተሽ ትመጫለሽ የሚለውን ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመልሳል፤ ጠያቂው በአፉ ባያወጣውም በልቡ ይዞታልና። እውነት ካልሆነ ግን አይጻፍ። አብዛኞቹ ባንኮች ሲቪውን በእንግሊዝኛ ስለሚፈልጉ ትርጉም ያስፈልጋል፤ ስታስተረጉም አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ወደ አሥራ ሁለት እንዳያድጉ ትጠንቀቅ፤ የጽሕፈት ቤት ተርጓሚዎች «ከፍተኛ ተነሳሽነት ያላት» የምትል ሐረግ ጣል ማድረግ ይወዳሉ።

ማጠቃለያው እንደሚላክበት ቦታም ይለያያል። እዚህ ላይ የማይወደድ እውነት አለ፦ ባንኮች ለመነሻ መደብ የሚያወጡት ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ አዲስ ተመራቂ፣ ዲግሪ፣ አንዳንዴም የዕድሜ ጣሪያ ይጠይቃል። በዲፕሎማ የሠራች ቴለር ይህን በር በማጠቃለያ አትከፍተውም፤ አራት መስመር የጎደለ ዲግሪ አይሞላም። ልምድ ለሚጠይቁ የደንበኞች አገልግሎት መደቦች፣ ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ከዚያም ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል የገንዘብ መስኮቶች ግን ያው ልምድ ይሠራል። ቂርቆስ በሆቴልና በክሊኒክ የተሞላ ነው፤ እዚያ ያለ ካሸር ማታ ሒሳቡን የሚዘጋው በዚያው ስሌት ነው። ለሆስፒታል ሲላክ ሲፒኦና ሐዋላ ይውጡ፤ ዕለታዊ ሒሳብ መዝጋት፣ ደረሰኝ አያያዝና ተጨናንቆ የቆመ ሰልፍ ማስተናገድ ወደ ፊት ይምጡ። ክፍተቱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ግን የትም ሲላክ አይለወጥ።

የቀረው አራተኛው እምነት ነው፤ ማንም አያነበውም፣ ቅጥር በሰው ነው የሚለው። ሰው የሚያስቀጥርበት ቦታ መኖሩን ክዶ የሚጽፍ አንባቢን አያከብርም። ነገር ግን እስቲ ሰው አላት እንበል፤ የአክስቷ ልጅ አንዱ ሕንፃ ውስጥ ትሠራለች። ያቺ ዘመድ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዳ ምን ትላለች? «አንድ ዘመዴ አለች፣ በፊት ባንክ ሠርታለች፣ ጎበዝ ናት» ብቻ ካለች ተረስቶ ይቀራል። «ስድስት ዓመት ቴለር ነበረች፣ ልጆች ልታሳድግ በፈቃዷ ወጣች፣ ክሊራንሷ ንጹሕ ነው፣ አሁን የዕድር ገንዘብ ያዥ ናት» ካለች ግን የተናገረችው ማጠቃለያውን ነው። ማጠቃለያ በቃል የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ሰው ላላት ሴት የበለጠ ያስፈልጋታል እንጂ አያንሳትም። ሰው የሌላት ደግሞ የምትልከው ይህንኑ ነው። አንድ መደብ ሲወጣ መቶዎች ሲያመለክቱ፣ ለማጣራት የተቀመጠው ሠራተኛ የእያንዳንዱን ማያያዣ ከፍቶ ማስረጃ አያገላብጥም፤ ከላይ ያለውን አይቶ የሚከፍተውን ይመርጣል።

እንግዲህ ሲቪውን መጻፍ ከመጀመሯ በፊት አንድ ሥራ ይቀድማል። ወደ ቀድሞ ባንኳ ሄዳ የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ትጠይቅ። በሲቪው ላይ የሚሰፍሩት ቀኖችና የሥራ መደቡ ስም ከዚያ ወረቀት ላይ በቀጥታ ይገልበጡ፤ ባንኩ «የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር» ብሎ ጽፎ እሷ «ቴለር» ብቻ ብላ ከጻፈች ሁለቱ ወረቀቶች ሲመሳከሩ ይለያያሉ፤ ሁለቱንም ስሞች ማስፈር ይሻላል። ቅርንጫፉ ቢዘጋ ወይም ባንኩ ከሌላ ጋር ቢዋሐድ የሠራተኞች ማህደር ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ የሚኬደው ወደዚያ ነው። ከቆየሽ አይሰጥሽም የሚላትን አትስማ። ሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ሲጠይቅ ከክፍያ ነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደንግጓል።